ጭማሪው ከጥር፣ ክፍያው በሜይ፦ ውዝፍ ደመወዝ በየወሩ እንዴት ይሰላል

ጅቡቲ ከተማ ቢሮ ያላቸው፣ በዳመርጆግ ማቆያም በግና ፍየል የሚያሳድሩ ነጋዴዎች በዓመት አንዴ ወይም በሁለት ዓመት አንዴ የሚገጥማቸው አንድ ደብዳቤ አለ። ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ ዋና ቢሮ ይመጣል። የሠራተኞች ደመወዝ መጨመሩንና ጭማሪው ካለፈው ወር፣ አንዳንዴም ከአራትና ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ መቆጠሩን ይገልጻል። ያለፉት ወራት ደመወዝ ግን በድሮው ልክ ተከፍሎ አልቋል። ስለዚህ ልዩነቱን አስልቶ መክፈል ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት ውዝፍ ደመወዝ ይባላል፤ በጅቡቲ የደመወዝ ወረቀት ላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ራፔል ደ ሳሌር» ተብሎ ይጻፋል።

አብዛኛው ነጋዴ ሒሳቡን በቃሉ ይሠራዋል። የጭማሪውን መጠን በወራቱ ቁጥር ያባዛል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ያስፈርማል። ይህ አሠራር ትክክል የሚሆነው ሠራተኛው በእነዚያ ወራት አንድም ቀን ካልቀረ፣ አንድም ትርፍ ሰዓት ካልሠራና ጭማሪውም ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ከጀመረ ብቻ ነው። በከብት ንግድ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ብዙ አይገኝም። በረት ጠባቂው መርከብ በሚጫንበት ሰሞን ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። ለቅሶ ሲኖርበት ደግሞ ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ ውዝፍ ደመወዝ «ጭማሪ ሲባዛ በወር» አይደለም። እያንዳንዱን ያለፈ ወር ጭማሪው በወቅቱ የነበረ አስመስሎ እንደገና አስልቶ፣ በወቅቱ የተከፈለውን መቀነስ ነው። ቀጥሎ ያለው ምሳሌ ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል።

ምሳሌው

አንድ በግ ላኪ ድርጅት ዋና ቢሮው ድሬዳዋ፣ ቅርንጫፉ ጅቡቲ ከተማ ነው እንበል። ቅርንጫፉ ለበረት ጠባቂዎቹ የሚከፍለው በጅቡቲ ፍራንክ፣ በፈረንጆች ወር መጨረሻ ላይ ነው። የአንድ ጠባቂ ደመወዝ በወር 62,400 ፍራንክ ነበር። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 20 ቀን 2025፣ ከዋና ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ደመወዙ 74,880 ፍራንክ መሆኑን፣ ጭማሪውም «ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ» እንደሚጸና ይናገራል። ጭማሪው 12,480 ፍራንክ፣ ማለትም የድሮው ደመወዝ 20 በመቶ ነው። የቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ የሜይን ደመወዝ በአዲሱ ልክ ከፈለ። ያለፉት ወራት ውዝፍ በጁን እንዲከፈል ተወሰነ።

ነጋዴው በቃሉ ያሰላው እንዲህ ነው፦ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች፣ ኤፕሪል፣ አራት ወር ነው። 12,480 በ4 ሲባዛ 49,920 ፍራንክ ይሆናል። ጠባቂው ግን «ጋሼ፣ የአረፋ ጭነት ሰሞን ሌሊት የሠራሁትስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ይሰብሰብ

ሒሳቡ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። አንደኛው የጭማሪው ደብዳቤ ሲሆን፣ የሚጸናበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት መሆን አለበት። ሁለተኛው የየወሩ ፔሮል ነው። በእሱ ላይ ለሠራተኛው ምን ያህል መሠረታዊ ደመወዝ፣ ምን ያህል ትርፍ ሰዓት፣ ምን ያህል ተቀናሽ እንደተጻፈ ይታያል። ሦስተኛው የሰዓት መቆጣጠሪያው ወይም የበረቱ ደብተር ነው፤ ማን መቼ እንደቀረና ማን ስንት ትርፍ ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀንና የሰዓት ዋጋ ይወጣል። ጅቡቲ ውስጥ የሥራ ሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በ6 ቀን ይከፋፈላል፤ የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ነው። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት በወር ይመጣል። በቀን 8 ሰዓት ሲሆን ይህ 26 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ በድሮው ደመወዝ የአንድ ሰዓት ዋጋ 300 ፍራንክ፣ የአንድ ቀን ዋጋ 2,400 ፍራንክ ነበር። በአዲሱ ሰዓቱ 360፣ ቀኑ 2,880 ፍራንክ ይሆናል። ልዩነቱ በሰዓት 60፣ በቀን 480 ፍራንክ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቢሮ ደመወዝን ለ26 ያካፍላል፣ አንዳንዱ ለ30 ያካፍላል። ቀድሞ ቀሪ ሲቆረጥ ለ26 ተካፍሎ ከነበረ፣ ውዝፉም ለ26 ተካፍሎ ይሰላል። ሠራተኛው ሲቀር በአንዱ፣ ሲከፈለው በሌላው ከሆነ ልዩነቱ ሁልጊዜ ከአንደኛው ወገን ይጎድላል።

ጥር 1 እና ጃንዋሪ 1 አንድ ቀን አይደሉም

ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴዎች ላይ በተለይ የሚደርሰው ስህተት ይህ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ፔሮሉ የሚሠራው በፈረንጆች ወር ነው። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የዋለው ጃንዋሪ 9 ቀን 2025፣ ሐሙስ ዕለት ነው። ስለዚህ የጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት በድሮው ደመወዝ ውስጥ ናቸው። ነጋዴው ጃንዋሪን ሙሉ ወር ብሎ ሲቆጥር እነዚያንም ቀናት ጨምሯል ማለት ነው።

ጃንዋሪ 2025 አምስት ዓርቦች ስለነበሩት የሥራ ቀኑ ልክ 26 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ባለው ጊዜ አንድ ዓርብ ሲወጣ 7 የሥራ ቀን ይቀራል። የቀሩት 19 ቀናት በአዲሱ ዋጋ ይታሰባሉ። 7 ቀን በ2,400 ሲባዛ 16,800፣ 19 ቀን በ2,880 ሲባዛ 54,720 ይመጣል፤ ድምሩ 71,520 ፍራንክ ነው። በወቅቱ የተከፈለው 62,400 ነበር። የጃንዋሪ ውዝፍ 9,120 ፍራንክ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ሰው 3,360 ፍራንክ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ጠባቂ ላለው ነጋዴ ግን 40,320 ፍራንክ ይሆናል። ዋና ቢሮው «ከጥር» ሲል ጃንዋሪን ሙሉውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ማስተካከያውን በጽሑፍ ይላክ። ሒሳብ ሠራተኛው ደብዳቤውን በግምት መተርጎም የለበትም። ዓመት ሲመረመር የሚታየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ነው።

ፌብሩዋሪ፦ የቀረበት ወር

ጠባቂው በፌብሩዋሪ ለለቅሶ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ 5 ቀን ያለ ክፍያ ቀርቷል። በወቅቱ 5 ቀን በ2,400፣ ማለትም 12,000 ፍራንክ ተቆርጦበት 50,400 ፍራንክ ተከፍሎታል። ጭማሪው በወቅቱ ኖሮ ቢሆን ከ74,880 ላይ 5 ቀን በ2,880፣ ማለትም 14,400 ይቆረጥ ነበር፤ የሚከፈለውም 60,480 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 10,080 ፍራንክ ነው። ሙሉ ጭማሪው 12,480 ቢሆንም ላልሠራባቸው 5 ቀናት ጭማሪ አይታሰብም። ከሙሉ ጭማሪው ላይ 5 ጊዜ 480፣ ማለትም 2,400 ይወርዳል።

አንዳንድ ቢሮ እዚህ ጋ ተቃራኒውን ስህተት ይሠራል፤ ሰውየው ስለቀረ የዚያን ወር ጭማሪ በሙሉ ይከለክለዋል። ቀሪው የሚነካው የቀረባቸውን ቀናት ብቻ ነው። በሠራባቸው ቀናት የጭማሪው ባለመብት ነው። የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረ ሠራተኛ ደግሞ ከክፍያ ጋር ስለሆነ የወጣው እንደሠራ ይቆጠራል፤ ምንም አይቀነስበትም።

ማርችና ኤፕሪል፦ ትርፍ ሰዓት

በማርች ጠባቂው 20 ትርፍ ሰዓት ሠርቷል። በዚህ ምሳሌ ውሉ ለትርፍ ሰዓት 25 በመቶ ጭማሪ ይሰጣል እንበል፤ ማታና በዓል የተለየ መጠን ካላቸው እያንዳንዱ በራሱ መጠን ይታሰባል። በድሮው ደመወዝ የአንድ ትርፍ ሰዓት ዋጋ 375 ፍራንክ ነበር። በአዲሱ 450 ይሆናል። ስለዚህ በማርች የተከፈለው 62,400 ሲደመር 7,500፣ ማለትም 69,900 ፍራንክ ነው። የሚገባው 74,880 ሲደመር 9,000፣ ማለትም 83,880 ነው። ልዩነቱ 13,980 ፍራንክ ይሆናል።

በዚያው ወር ጠባቂው ለጾሙ ወጪ 20,000 ፍራንክ ቅድሚያ ወስዶ ነበር፤ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ እጁ የገባው 49,900 ብቻ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው «የተከፈለው» በሚለው ዓምድ 49,900 ቢጽፍ ውዝፉ 33,980 ይሆንና ድርጅቱ 20,000 ፍራንክ ይከስራል። ቅድሚያው ደመወዝ ሆኖ ተከፍሏል፤ ቀድሞ ከመሰጠቱ በቀር ሌላ ነገር የለውም። በሌላ በኩል ቅድሚያውን ከውዝፉ ላይ እንደገና መቀነስ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ለዚህ ነው ማወዳደሪያው ሁልጊዜ ከተቀናሽ በፊት ካለው ጥቅል ደመወዝ ጋር የሚሆነው።

ኤፕሪል የበለጠ ከባድ ወር ነው። አረፋ በ2025 ጁን 6 ስለዋለ፣ ወደ ሳዑዲ የሚሄደው በግ የሚጫነው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ጠባቂው በኤፕሪል 60 ትርፍ ሰዓት ሠርቷል። የተከፈለው 62,400 ሲደመር 22,500፣ ማለትም 84,900 ነው። የሚገባው 74,880 ሲደመር 27,000፣ ማለትም 101,880 ነው። የኤፕሪል ውዝፍ 16,980 ፍራንክ ይሆናል። ይህ ከሙሉ ጭማሪው ይበልጣል። ነጋዴው በቃሉ ሲያሰላ ያጣው ይህን ነው።

የሚረሳው አምስተኛ ወር

ሜይ በአዲሱ ደመወዝ ስለተከፈለ ብዙ ሰው ተጠናቋል ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው የመጣው በወሩ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዙን ሲቀይር የትርፍ ሰዓቱን ዋጋ አልቀየረም። ጠባቂው በሜይ የሠራው 40 ትርፍ ሰዓት በ375 ታስቦ 15,000 ተከፍሎታል። በ450 ሲታሰብ 18,000 ይሆናል። ከሜይም 3,000 ፍራንክ ይቀራል።

ስለዚህ አዲሱ ደመወዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈለበት ወር ሁልጊዜ መመርመር አለበት። ትርፍ ሰዓቱ፣ የበዓል ቀን ክፍያው፣ ከደመወዝ በመቶኛ የሚሰላ አበል ካለም እሱ፣ አብረው መቀየራቸው ይታይ። ቁርጥ ያለ አበል፣ ለምሳሌ በወር 5,000 ፍራንክ የትራንስፖርት፣ በጭማሪው አይነካም፤ በሁለቱም ዓምድ እኩል ስለሆነ ከሒሳቡ ይወጣል።

ድምሩና ማረጋገጫው

የአምስቱ ወራት ውዝፍ እንዲህ ነው፦

ጃንዋሪ፦ 71,520 ሲቀነስ 62,400 = 9,120
ፌብሩዋሪ፦ 60,480 ሲቀነስ 50,400 = 10,080
ማርች፦ 83,880 ሲቀነስ 69,900 = 13,980
ኤፕሪል፦ 101,880 ሲቀነስ 84,900 = 16,980
ሜይ፦ 92,880 ሲቀነስ 89,880 = 3,000
ድምር፦ 53,160 ፍራንክ

ነጋዴው በቃሉ ካሰላው 3,240 ፍራንክ ይበልጣል። ጠባቂው እውነቱን ነበር። ግን ሁሌም ለሠራተኛው የሚጠቅም አይደለም። በዚያው ቢሮ ያለ፣ ደመወዙ እኩል የሆነ፣ ትርፍ ሰዓት የማይሠራና በፌብሩዋሪ 5 ቀን የቀረ ጸሐፊ ቢኖር ውዝፉ 9,120፣ 10,080፣ 12,480 እና 12,480 ተደምሮ 44,160 ፍራንክ ብቻ ነው። በቃል ሒሳብ 49,920 ቢሰጠው 5,760 ፍራንክ በትርፍ ወስዷል። ለሁሉም እኩል መስጠት ፍትሐዊ ቢመስልም ሌሊት ከሠራው ወስዶ ላልሠራው መስጠት ነው። ጠባቂዎች ደግሞ ቁጥራቸውን እርስ በርስ ያወዳድራሉ።

ሒሳቡ ትክክል መሆኑን በአንድ ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። ጭማሪው 20 በመቶ ነው። ክፍያው ሁሉ ከመሠረታዊ ደመወዝ የሚነሳ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በጭማሪው ዘመን ውስጥ የሆነ ወር ውዝፍ በዚያ ወር ከተከፈለው 20 በመቶ መሆን አለበት። የፌብሩዋሪ 50,400 በ0.20 ሲባዛ 10,080 ነው። የማርች 69,900 በ0.20 ሲባዛ 13,980፣ የኤፕሪል 84,900 ደግሞ 16,980 ነው። የሜይ 3,000 የ15,000 ትርፍ ሰዓት 20 በመቶ ነው። ጃንዋሪ ብቻ ይለያል፣ ምክንያቱም ከ26 ቀን 19ኙ ብቻ ናቸው የተነኩት፤ 12,480 በ19 ተባዝቶ ለ26 ሲካፈል 9,120 ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ ካልገጠመ ስህተቱ በዚያ ወር ነው፤ የሌሎቹን ወራት ሒሳብ እንደገና መሥራት አያስፈልግም። ጭማሪው በመቶኛ ሳይሆን ለሁሉም እኩል ገንዘብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ 10,000 ፍራንክ፣ መቶኛው ለየሰው ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መቶኛ ይወጣና በዚያ ይመዘናል።

ግብር፦ በአንድ ወር ላይ መቆለል

53,160 ፍራንኩ ጥቅል ደመወዝ ነው። ለማኅበራዊ ዋስትና የሚቆረጠው ቋሚ መቶኛ ስለሆነ በየወሩ ተከፋፍሎም ሆነ በአንዴ ቢቆረጥ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የደመወዝ ግብር ግን የሚጨምረው በደረጃ ነው። የአምስት ወር ውዝፍ በአንድ ወር ደመወዝ ላይ ሲቆለል ሠራተኛው ለዚያ ወር ብቻ ባለ ከፍተኛ ደመወዝ መስሎ ይታያል፣ ከፍተኛውንም መጠን ይከፍላል።

ይህ ከድንበሩ ማዶ ባለው የድሬዳዋ ቢሮ ሠራተኛ ላይ በግልጽ ይታያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሰንጠረዥ በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። ደመወዙ ከ6,000 ወደ 8,000 ብር ያደገ፣ ጭማሪው ከሐምሌ የሚጸና፣ የተከፈለው ግን በታኅሣሥ የሆነ ሠራተኛ ቢኖር የአምስት ወር ውዝፍ አለው። ወራቱ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ናቸው፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ ስለሌላት አትቆጠርም። ውዝፉ 10,000 ብር ነው።

በየወሩ ሲታሰብ የ6,000 ብር ግብር 700፣ የ8,000 ብር ግብር 1,150 ነው። ልዩነቱ በወር 450፣ በአምስት ወር 2,250 ብር ይሆናል። ውዝፉ በታኅሣሥ ደመወዝ ላይ ተቆልሎ 18,000 ብር ሆኖ ቢታሰብ ግን ግብሩ 4,250 ብር ይመጣል። ከዚህ የታኅሣሥ የራሱ 1,150 ሲወጣ የውዝፉ ግብር 3,100 ይሆናል። በአሠራር ልዩነት ብቻ 850 ብር ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የየወሩን ሰንጠረዥ ይዞ የግብር ቢሮውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጅቡቲም ውስጥ እንዲሁ ነው። አንዴ ከተቆረጠና ገቢ ከሆነ በኋላ ማስመለስ ብዙ ምልልስ አለው። ወራቱን ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ደግሞ የሚቀርብ ማስረጃም የለም።

በየትኛው ገንዘብ?

ሌላው የድንበር ጉዳይ ምንዛሪ ነው። ጠባቂው ቤተሰቡ ድሬዳዋ ስለሆነ ውዝፉ እዚያ በብር እንዲሰጥለት ሊጠይቅ ይችላል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ሲሆን፣ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ብር ግን እንደዚያ አይደለም። 53,160 ፍራንክ ወደ 299 ዶላር ይጠጋል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ይህ ገንዘብ 17,000 ብር ገደማ ነው። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላሩን ከ74 ብር በላይ አደረገው፤ ያው ገንዘብ ከ22,000 ብር በላይ ሆነ። በአንድ ቀን የ5,000 ብር ልዩነት ማለት ነው።

ስለዚህ ውዝፉ የሚሰላው ውሉ በተጻፈበት ገንዘብ ነው። ውሉ በፍራንክ ከሆነ ሁሉም ወር በፍራንክ ይሠራል፣ ድምሩም በፍራንክ ይጻፋል። በብር የሚከፈል ከሆነ የሚመነዘረው በመጨረሻ፣ አንዴ ብቻ፣ በሚከፈልበት ዕለት ዋጋ ነው። የጃንዋሪን በጃንዋሪ ዋጋ፣ የኤፕሪልን በኤፕሪል ዋጋ መመንዘር ትክክለኛ ቢመስልም ብር በወደቀ ቁጥር የዘገየውን ክፍያ ኪሳራ ለሠራተኛው ያስተላልፋል። የዘገየው እሱ አይደለም። ውሉ በብር ከሆነ ደግሞ የሚገባው ያው ብር ነው።

የለቀቀ ሠራተኛና የተሸጠ ጭነት

ሁለት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው በመካከል ሥራ የለቀቀ ሰው ነው። ጭማሪው ከጥር 1 ጀምሮ የሚጸና ከሆነና ደብዳቤው በሥራ ላይ ላሉ ብቻ ብሎ ካልወሰነ፣ ማርች 31 የለቀቀ ጠባቂ ለሠራባቸው ወራት ልዩነቱ አለው። ስሙ ከአሁኑ ፔሮል ስለወጣ ይረሳል። ስለዚህ ዝርዝሩ መነሳት ያለበት ከዛሬው ሳይሆን ከጃንዋሪው ፔሮል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጅቡቲ ውስጥ ወደ ሥራ ተቆጣጣሪው ቢሮ ቢሄድ፣ ድርጅቱ የሚጠየቀው ይህንኑ የየወር ወረቀት ነው።

ሁለተኛው የነጋዴው የራሱ ሒሳብ ነው። በጁን የተከፈለው 53,160 ፍራንክ የጁን ወጪ አይደለም። 16,980ው በኤፕሪል የተጫነው በግ ወጪ ነው፤ አሠሪው ለማኅበራዊ ዋስትና የሚጨምረውም ከእሱ ጋር ይሄዳል። በአንድ ጭነት ከሸሪክ ጋር የሚሠራ ነጋዴ የኤፕሪሉን ጭነት በሜይ ተካፍሎ ከጨረሰ፣ የጠባቂዎቹን ውዝፍ ብቻውን ሊሸከመው ነው። ውዝፉ በወር ስለተለየ ግን የትኛው ጭነት ምን ያህል እንደሚሸከም ከሰንጠረዡ ይነበባል፣ ሸሪኩም ድርሻውን አይቶ ይከፍላል። በመኖ፣ በማቆያና በጠባቂ ወጪ የአንድ በግን ዋጋ የሚያወጣ ነጋዴም የኤፕሪሉን ዋጋ ማረም አለበት፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው አረፋ የሚቆርጠው ዋጋ በድሮው ደመወዝ የተመሠረተ ይሆናል።

ክፍያው ሲፈጸም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ውዝፉ ከጁን ደመወዝ ተለይቶ፣ በራሱ መስመር፣ የሚሸፍናቸው ወራት ተጠቅሰው ይጻፋል። የአምስቱ ወራት ሰንጠረዥም ከወረቀቱ ጋር ለሠራተኛው ይሰጣል። ጠባቂው ያኔ ስለ አረፋው ሌሊት ቢጠይቅ፣ ነጋዴው ጣቱን በኤፕሪል መስመር ላይ አድርጎ 60 ሰዓቱን ያሳየዋል።